ከመጋረጃው ሥር ያሉ ጣቶች

ፎቶ አዳሽ ነኝ፤ ሥራዬ ላይ ነገረኛ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ደንበኛ «ፈጠን በል» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ያንን ሰውዬ ግን ታገሥኩት፤ አባቱ የሞቱት ትናንት ነው፣ ቀብሩ ነገ።

ያመጣው ዳር ዳሩ የተበላ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። አባት ወንበር ላይ፣ እሱ ራሱ በሰባት ዓመቱ አጠገባቸው ቆሞ፣ ዳር ላይ ደግሞ ሕፃን እህቱ ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ። ከኋላቸው ሐይቅ የተሳለበት የስቱዲዮ መጋረጃ ተንዠርግጓል።

«መጋረጃውን አውጣና ነጭ አድርገው፤ ለመታሰቢያ ፖስተር ነው» አለኝ።

ስካን አደረግኩት፤ አጉልቼ የሰዎቹን ዳር በመስመር ተከተልኩ። የአባትየው ጥቁር ኮት ከመጋረጃው ጥላ ጋር ተዋህዶ ዓይኔን አጠፋው። የሕፃኗ ጠቆር ያለ ቀሚስ ላይ፣ ወገቧ ጋ፣ አራት ነጣ ያሉ ጭረቶች ነበሩ። ፎቶ ሲላላጥ እንዲህ ይነጣል፤ ስንቱን አይቻለሁ! ከቀሚሱ ቀለም ቀድቼ ደፈንኳቸው፤ መጋረጃውንም ነጭ አደረግኩት።

ከሰዓት በኋላ ከእህቱ ጋር መጣ። ስክሪኑን አየችና «እጇስ?» አለች።

«የማን እጅ፣ እህቴ?»

«የእናቴ። እንዳልወድቅ መጋረጃው ሥር ተሸሽጋ ይዛኝ ነው። በዓመቱ ሞተች። ሌላ ፎቶ የላትም፤ እኔ የማውቃት ይህችን እጅ ብቻ ነው።»

ክው አልኩ። ሠላሳ ዓመት ሠርቼ የሰው ጣት ከልጣጭ መለየት ያቃተኝ! ደግነቱ ዋናውን ምስል አልነካሁም፤ ድፍኑን አነሳሁት፣ ጣቶቹ ተመለሱ። ግን መጋረጃው የለም። አራት ጣት ከባዶ ነጭ ወጥቶ ሕፃን ጨምድዶ ይዟል። ያስፈራል።

«ይሄማ አይሆንም» አለ ወንድምየው። «ለቀስተኛ ምን ይለናል?»

«እንግዲያው መጋረጃው ይመለስ።»

«አይመለስም!» ጮኸ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «አባባ ነው እዚያ ሥር የከተታት። ‹ፎቶዬን እንዳታበላሺ› ሲላት ሰምቻለሁ። ያንን ጨርቅ ቀብሩ ላይ አላየውም።»

እህትየው ስክሪኑ ላይ ያሉትን ጣቶች ነካች። «እሷ ካልያዘችኝ እኔም እዚያ አልቀመጥም። እኔንም አውጣኝ።»

«ተይ እንጂ፣ አንቺ ልጅ!»

«ወንድምጋሼ፣ እሷ ከወጣች እኔም ወጣሁ።» ወደ እኔ ዞረች። «ቁረጠኝ ወንድሜ።»

ሰውዬው «ተው» እንዲለኝ ጠበቅኩ። መሬት መሬት ያያል። አናደደኝ፤ እኔም ግን «እምቢ» አላልኩም። ሕፃኗን አወጣኋት፣ በርጩማውንም አጠፋሁት።

አባትና ወንድ ልጅ ብቻቸውን ታተሙ። እህትየው ቀለሙ እስኪደርቅ ቆማ ጠበቀች፤ ፖስተሩን ጠቅልላ ተሸክማ የወጣችውም እሷው ናት።