በምክንያት ዓምድ የገቡት እናት

የመብራት ሂሳቡ በአንድ ወር አራት እጥፍ ሲሆን ልብስ ሰፊው አልጮኸም። ቢሉን አጥፎ ኪሱ ከተተና እናቱ እግር ስር ያለውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አየት አደረገ።

እናት ማሞቂያውን ነቅለው፣ ገመዱን ጠቅልለው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አሰቀሉት። ጉልበታቸውን በብርድ ልብስ ሸፈኑ። በሚቀጥለው ወር ሂሳቡ ጭራሽ ጨመረ።

«ተደብቄ የምሞቅ መሰለህ?» አሉ።

«እኔ ምን ወጣኝ፣ እማዬ?»

«ዓይንህ ነዋ የሚናገረው። ቅዳሜ እህትህ ጋ እሄዳለሁ።»

እህቱ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ናት። ሊፍቱ ከቆመ ከርሟል። እናት በዚያ ጉልበት አንዴ ከወጡ በቀላሉ እንደማይወርዱ ሁለቱም ያውቃሉ።

ሰኞ ጠዋት የቅሬታ መስኮት ላይ ቆመ። «ቆጣሪው ይፈተሽልኝ፣ እንደገና ይነበብልኝ፣ ሂሳቡም ይስተካከልልኝ።»

ሠራተኛዋ የቆጣሪውን ቁጥር ከቢሉ ገለበጠች። «የተጠረጠረ ምክንያት?»

«እሱንማ እናንተ ንገሩኝ እንጂ።»

«ባዶ ከሆነ ሲስተሙ አይቀበልም። ቤት ውስጥ ኃይል የሚበላ ምን አለ?»

«የስፌት መኪና፣ ካውያ...» አመነታ። «የእናቴ ማሞቂያም ነበረ።»

ዓምዱ ጠባብ ስለነበር አሳጥራ ጻፈችው። «ውጤቱ እስኪታወቅ መብራት አይቆረጥብዎትም» ብላ ቀጣዩን ጠራች።

ሐሙስ ቴክኒሺያኑ መጣ። በር የከፈቱት እናት ናቸው። ከወረቀቱ ላይ አነበበላቸው፦ «ቅሬታ፣ ቆጣሪው ያላግባብ ይቆጥራል። የተጠረጠረ ምክንያት፣ እናት።» ቀና አለ። «እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፤ ግባ።»

ልብስ ሰፊው ወለል ላይ የወደቀ መርፌ መፈለግ ጀመረ።

ቴክኒሺያኑ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ አጠፋ። የቆጣሪው ቀይ መብራት ብልጭ ማለቱን አልተወም።

«ከእኛ የጠለፈ ጎረቤት ይኖራል» አለ ልጅ፣ ከወለሉ ላይ።

ቴክኒሺያኑ ጓንቱን አጥልቆ ከቆጣሪው ወደ ቤት የሚገቡትን ሽቦዎች ፈታ። አሁን ኃይል የሚወስድ ማንም የለም። መብራቱ ብልጭ አለ፤ ደግሞ ብልጭ። ሩብ ሰዓት ቆመው ሲጠብቁ የመጨረሻዋ ቁጥር ተቀየረች።

«ጥፋቱ የቆጣሪው ነው» አለ። «ይነሳና ላብራቶሪ ያረጋግጣል። ከዚያ የሁለቱ ወር ሂሳብ ከመበላሸቱ በፊት በነበረው አማካይ ፍጆታ ይስተካከላል።»

አዲስ ቆጣሪ ገጠመ፤ የሁለቱንም ንባብ መዝግቦ ወረቀቱን ለልጅየው ዘረጋ። እናት ቀደሙት።

«እሱ ሳይፈርም እኔን አውጣኝ።»

ቴክኒሺያኑ «እናት» የሚለውን ሰርዞ «ቆጣሪ» ብሎ ጻፈ።

«ሥርዝ ላይ አይፈረምም እንዴ?»

ፈረመ።

«እሱም ይፈርም።»

ልጅ ሥርዙ አጠገብ ፈረመ። ከዚያ ማንም ሳያዘው ወንበር ጎትቶ ቁም ሳጥኑ ሥር አቆመና ወጣበት።

«አቧራውን ጥረግለት» አሉ እናት፣ ብርድ ልብሱን ከመቀመጫቸው ላይ አንስተው እያጣጠፉ።