የሚጮኽ ካልተገኘ

እኛ መሥሪያ ቤት አንድ ነገር ይጥቀም አይጥቀም ለማወቅ ሲያቅተን አጥፍተነው እንጠብቃለን። የጮኸ ሰው ካለ ይጠቅማል ማለት ነው፤ ወዲያው እንመልሰዋለን። የሚጮኽ ካልተገኘ እንቀብረዋለን። ስሙንም "ማን ይጮኻል" ብለነዋል። የሰነፍ ዘዴ ነው፤ ቢሆንም ከስብሰባ ይሻላል።

ሥራችን የሰው አደራ መጠበቅ ነው። ክሊኒኮች የታካሚዎቻቸውን የራጅ ምስል፣ የምርመራ ውጤት፣ የድምፅ ቅጂ ይልኩልናል፤ እኛ ቆልፈን ደመና ላይ እናኖረዋለን። ደመና ሲባል ሰማይ ላይ እንዳይመስላችሁ፤ የሌላ ኩባንያ ማሽኖች የታጨቁበት አዳራሽ ነው፣ እኛ ተከራይ ነን። እኔ የቁልፎቹ ኃላፊ ነኝ። ቁልፎቹም ብረት አይደሉም፣ ማንም የማይገምታቸው ረጃጅም ቁጥሮች ናቸው። እያንዳንዱ ፋይል የራሱ ትንሽ ቁልፍ አለው። ያ ትንሽ ቁልፍ ደግሞ በዋናው ቁልፍ ተቆልፎ ከፋይሉ ራስጌ ላይ ይቀመጣል። ዋናው ቁልፍ አከራያችን ዘንድ ባለ ልዩ ማሽን ውስጥ ተወልዶ እዚያው ይሞታል። እኔ አዝዘዋለሁ እንጂ አይቼው አላውቅም። እሱ ከጠፋ ፋይሎቹ በቦታቸው ይኖራሉ፤ የሚከፍታቸው ግን አይኖርም፤ አከራዩም ቢሆን።

ከዚያ ሁሉ አደራ ውስጥ አንዱ የአባቴ ድምፅ ነው።

አባዬ ዕድሜውን የጨረሰው አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ፣ ከድምፅ ማጉያ ጀርባ ነው። የመነሻ ሰዓት ሲናገር እንቅልፋም ተሳፋሪ ሳይቀር ብድግ ይል ነበር። ቤት ውስጥም ያው ነው፤ ጨው አቀብሉኝ ሲል ጎረቤት ይሰማል። ጉሮሮው ውስጥ ዕጢ ተገኝቶ ሐኪሞቹ የድምፅ ሣጥኑ መውጣት አለበት ሲሉት፣ የክሊኒኩ የንግግር ባለሙያ ቀድሞ ድምፁን ቀዳለት። ቁስሉ ሲደርቅና ሕክምናው ሲያልቅ፣ ከቅጂው በራሱ ድምፅ የሚናገር መሣሪያ ሊሠራለት ነው። የፈለገውን እንዲያነብ ሲፈቀድለት "ሞገደኛዋ ልጄ፣ ምሳ ሳትበይ እንዳትሄጂ" ብሎ እንደቀዳ እናቴ ነገረችኝ። ሞገደኛዋ እኔ ነኝ። ክሊኒኩ ቅጂውን ወደ እኛ ልኮ የራሱን አጠፋ፤ በውላችን መሠረት እንደዚያ ነው የሚደረገው። ስልኬ ላይ የቀረኝ የአባዬ ድምፅ "እሺ፣ ደረስኩ" የምትል ብቻ ናት።

ችግሩ የመጣው አንድ ባለሙያ ከእኛ ጋር ተጣልቶ ሲወጣ ነው። ሰውየው ዋናውን ቁልፍ የማዘዝ ሙሉ ፈቃድ ነበረው። የቁልፍ አያያዛችንን ልትመረምር የመጣችው ኦዲተር ይህን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። አለቃችንን "ይቻላል" እንለዋለን፤ ምን ቢጠይቁት መልሱ እሱ ስለሆነ። ቁልፉ ይጥፋ ስትለው ለእሷም ይቻላል አላት።

"ቁልፉን እንቀይራለን፣ አሮጌውን እናጠፋለን" አለኝ ወንበሬ ጫፍ ላይ ተደግፎ።

"መቀየሩን እንቀይር። ማጥፋቱ ግን ምን ያደርግልናል? ሰውየው ቁልፉን ኪሱ ከትቶ አልሄደም፣ ከማሽኑ አይወጣም። ፈቃዱን ነጥቀነዋል፣ አለቀ። አሮጌው ለአሮጌ ፋይል መክፈቻ ብቻ ይቀመጥ።"

"እሷ ሞቶ ማየት ትፈልጋለች።"

"ሬሳ ነው የምትቆጥረው?"

"አንቺ ደግሞ! አሮጌዎቹን ፋይሎች ወደ አዲሱ ቁልፍ እናዛውራቸዋለን፣ ከዚያ ምን ቀረ?"

ምን ቀረ። እኔ ግን ግትር ነኝና ሁሉም በወጉ እንዲሄድ አደረግሁ። አዲሱ ቁልፍ ተፈጠረ፤ ከዚያ በኋላ የሚገባ ሁሉ በእሱ ተቆለፈ። አሮጌዎቹን ፋይሎች እየዞረ ትንሹን ቁልፍ በአሮጌው ፈትቶ በአዲሱ የሚቆልፍ ፕሮግራም የጻፈው ባልደረባዬ ነው። ቅጽል ስሙ ቶሎ ቶሎ ነው። የቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ እያልን እናበሽቀዋለን፣ እሱም ይስቃል።

"አለቀ፣ አንድም ስህተት የለም" አለኝ፣ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ። እውነትም ስህተት የሚለው ቦታ ላይ ዜሮ ተቀምጧል።

እኔም ለራሴ ማረጋገጫ የአባዬን ፋይል ፈለግሁት። ስሙ፣ መጠኑ፣ የተቀዳበት ቀን፣ ሁሉም ቁጭ ብሏል። ደስ አለኝ፤ መኖሩን አይቼ ዘጋሁት።

ከዚያ አሮጌውን ቁልፍ አሰናከልነው። የተሰናከለ ቁልፍ አይከፍትም፣ አይቆልፍም፣ ቢያስፈልግ ግን ይመለሳል። ሊጠቀምበት የሚሞክር ቢመጣ ስልኬ እንዲጮኽ ማስጠንቀቂያ አደረግሁበት፤ ማን ይጮኻል ማለት ይኸው ነው። ስልኬን መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይዤው እገባለሁ። ዝም አለ። ሳምንቱም ዝም ብሎ አለፈ፣ የሚቀጥለውም። ቢሯችን ውስጥ የማሽን ማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ይቻላል ባለፈ ባገደመ ቁጥር ጣቱን ከንፈሩ ላይ እያደረገ ይጠቅሰኛል። እኔ ግን ያ ዝምታ አልጣመኝም። ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም፤ የሌለኝን መልስ ይዤ ደግሞ ከአለቃ ጋር እንዴት እከራከራለሁ?

በዚያ ሰሞን ቅዳሜ ቅዳሜ እነ አባዬ ጋ እሄዳለሁ። አባዬ አንገቱ ላይ በተተወችው ቀዳዳ እየተነፈሰ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ጭኑ ላይ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ አለች፤ ይጽፍባታል፣ በእጅጌው ያጠፋታል። አንድ ቅዳሜ "መሣሪያው ነገርስ?" ብዬ ጠየቅሁት።

"እየተዘጋጀ ነው" ብሎ ጻፈ።

"የሚያጓትቱህ ከሆነ ንገረኝ፣ እኔ ልደውልላቸው።"

ራሱን ነቀነቀ። አጠፋና እንደገና ጻፈ፦ "ሥራሽን ሥሪ።" እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችውና አንድ ነገር ልትል ፈልጋ ተወችው። ልብ ብያለሁ፤ ግን ባልና ሚስት የማይባባሉት ነገር አያጡም ብዬ አለፍኩት።

ጩኸት ስላልተሰማ የቁልፉ መጥፊያ ቀን ተቆረጠ። አከራያችን ቁልፍ አጥፋ ሲባል ወዲያው አያጠፋም፤ የመጸጸቻ ጊዜ ይሰጣል፣ እኛ የመረጥነው ረጅሙን፣ ሠላሳውን ቀን ነው። ከዚያ በፊት ተዉት ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ማልቀስ ብቻ ነው። ትእዛዙን ይቻላልና እኔ ሁለታችን አጸደቅነው፤ ለብቻ አይፈቀድም። ስክሪኑ ላይ "መጥፋትን በመጠባበቅ ላይ" የሚል ጽሑፍ ወጣ። በየማለዳው ገብቼ አየዋለሁ፤ የታመመ ሰው እንደሚጠየቅ። ሁልጊዜ ያው ነው፣ ስልኬም ዝም እንዳለ ነው።

አንድ ማለዳ ገባሁና ጽሑፉ የለም። ቁልፉም የለም። ይቻላል ለሁሉም ሰው ኬክ አስመጣ። ኦዲተሯ ፈርማ ሄደች፤ እኔም የድርሻዬን በላሁ። ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ እነ አባዬ ጋ ሄድኩ፣ ቅዳሜ ባይሆንም።

በሩን የከፈተችልኝ እናቴ ናት። "እንኳን መጣሽ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እንዳትነግሪያት ብሎኝ ነው እንጂ አንጀቴ አሯል። ያ የቀዳለት የክሊኒኩ ልጅ ድምፁን ከእናንተ ማውረድ አቅቶታል። ስንት ጊዜ ሞከረ! ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ 'እየተዘጋጀ ነው፣ ቆይተው ይሞክሩ' ይለዋል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እኔ እንጃ፣ ቁስሉ ከደረቀ ጀምሮ። ልጁ እዚያ የሚገባው በሳምንት ሁለቴ ነው። ይጠይቃል፣ ጠብቅ ይለዋል፣ በሚቀጥለው ሲመጣ እንደገና ጠብቅ ይለዋል። አባትሽ ደግሞ ይሉኝታ ገደለው። በልጄ መሥሪያ ቤት ላይ አቤቱታ አላቀርብም፣ አለቆቿ ምን ይሏታል ይላል።"

እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ቶሎ ቶሎ ጋ ደወልኩ።

"የቁልፍ መቀየሪያው ፕሮግራምህ መጋዘን የወረዱትን ፋይሎች ምን አደረጋቸው?"

መጋዘን የምንለው ለወራት ያልተነኩ ፋይሎች የሚወርዱበትን ርካሽ ማስቀመጫ ነው። እዚያ ያለ ፋይል መጀመሪያ ወጥቶ እንዲዘጋጅ ይጠየቃል፣ ሰዓታት ይፈጃል። ከተዘጋጀ በኋላ የሚቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያላነበበው ሰው እንደገና ይጠይቃል።

"ዘለላቸው" አለ። "ሳይወጡ አይነኩማ።"

"ስህተት የለም አላልከኝም?"

"ስህተት እኮ አይደለም። የተዘለለ ነው። እሱ የሚቆጠረው ሌላ ቦታ ነው..." እዚህ ላይ ድምፁ ተቆረጠ። ገባው።

"የአባቴን ፋይል ራስጌ እየው። የትኛው ቁልፍ ነው የተጻፈበት?"

ሲነካካ ቆየ። "አሮጌው ነው" አለኝ።

"መጠባበቂያ ቅጂውስ?"

"በዚያው ነው የተቆለፈው። እህቴ፣ እኔ..."

ዘጋሁበት። ስልኬ ለምን እንዳልጮኸ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የክሊኒኩ ልጅ በመጣ ቁጥር የተዘጋጀው ፋይል ቀኑ አልፎ ወደ መጋዘን ተመልሷል። ስለዚህ እስከ ቁልፉ የደረሰ ሰው አልነበረም። በሩ ድረስ እየመጡ ሳያንኳኩ ተመለሱ። እኔም በዝርዝር ላይ ስሙን አይቼ ዘጋሁት፤ ስም ለማየት ደግሞ ቁልፍ አያስፈልግም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የለም። በራሴ ተናደድኩ፣ በይቻላል ተናደድኩ፣ ይሉኝታ በሚባለው ነገር ተናደድኩ። አባዬ አንድ ጊዜ ብቻ ሰሌዳው ላይ ቢጽፍልኝ ኖሮ በሠላሳው ቀን ውስጥ እደርስ ነበር።

ሳሎን ስገባ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ፊቴን አየና እናቴን በዓይኑ ገሠጻት፤ ነገርሻት አይደል የሚል ነው። ከዚያ ሳቅ ብሎ ሰሌዳውን አነሳ፣ ቀስ ብሎ ጻፈና አዞረልኝ።

"አይዞሽ፣ የት ይሄዳል? ቁልፉ ያለው ልጄ እጅ ነው።"

እግሩ ሥር ተቀመጥኩ። እጁን ያዝኩት፤ የጻፈበት ቀለም ጣቱ ላይ ነበር።

"አባዬ፣ ጠፍቷል። ዛሬ ጠዋት ነው ያጠፋነው። እኔም ፈርሜያለሁ። አይመለስም።"

እናቴ ከኋላዬ "ወይኔ!" ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባዬ አየኝ። ሰሌዳዋ ከጭኑ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ወደቀች፣ አላነሳትም። አንገቱ ተወጠረ፣ አፉን በሰፊው ከፈተ፣ ያን መናኸሪያ ሙሉ ሰው የሚያስነሳ አከፋፈት። ከቀዳዳዋ አየር ወጣ። ሌላ ምንም አልተሰማም።