የማግኔት ሱቅ ፈቃድ

ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። የመጀመሪያው ልመና መሰለ፤ ሁለተኛው ትእዛዝ። ሦስተኛውን የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ አንብበው ማኅተም አሳረፉበት። ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ካሜራና አንድ ማይክ ይዘን ቅዳሜና እሑድ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ሱቁ ውስጥ ዘጋቢ ፊልም እንድንቀርጽ ይጠይቃል። ለሚሰበር ዕቃ እኛው ተጠያቂ ነን፤ ፊልሙ ለትምህርት እንጂ ለሽያጭ አይውልም። አራተኛው ነጥብ «ፈቃዱን በጽሑፍ ያልሰጠ ደንበኛ አይቀረጽም» ይላል።

አንድ ነገር ግን ሆን ብዬ ትቻለሁ።

ሱቁ ብሎን፣ ሚስማርና የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥበት ነው። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ «ማግኔት» ይለዋል። እዚያ ቤት በወጉ የተቀመጠ ዕቃ አልነበረም። ብሎኑ በወተት ቆርቆሮ፣ ማጠፊያው በአሮጌ ኮፍያ፣ የመብራት ገመዱ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ። ማግኔት ግን ከደንበኛው ጋር እያወራ፣ ዞር እንኳ ሳይል፣ እጁን ሰደድ አድርጎ የተጠየቀውን ያወጣል። ፊልሜ ስለዚያ እጅ ነበር። «የሱቅዎን ዝብርቅርቅ እጅግ ወድጄዋለሁ» ብሎ በማኅተም መጻፍ ነውር መሰለኝና «ስለ ሱቁና ስለ ሥራው» ብዬ አለፍኩት።

ሰኞ ዕለት ደብዳቤውን ስሰጠው ማኅተሙን አየና ፊቱ ቅጭም አለ።

«ግብር ነው?»

«አይደለም ጋሼ፣ ፊልም ነው። የመመረቂያ ፊልሜ።»

«እኔን? ምን ሆኜ?» ሳቀና ደብዳቤውን ከጀርባው ወዳለው ክምር ወረወረው። «ባለቤቴ ታንብበው። ቤታችን ውስጥ ወረቀት የሷ ነው።»

ኮሌጁ ካሜራ የሚያውሰን የተፈረመ ደብዳቤ ስናሳይ ብቻ ነው። እስከ ዐርብ ካልተፈረመ ወረፋው ለሌላ ያልፋል፤ እኔም ለመመረቅ አንድ ዓመት እጠብቃለሁ። ማክሰኞ ሄድኩ፤ አልተነበበም። ረቡዕም እንዲሁ። ሐሙስ ሱቁ በር ላይ ስደርስ ማግኔት ለአንድ አናጢ ሚስማር እየመዘነ፣ ቀና ሳይል፣ ግራ እጁን ከሚዛኑ ኋላ ሰዶ ደብዳቤዬን አወጣ። ይቺን ነበር መቅረጽ!

ደብዳቤው በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቷል። ሚስቱ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሁለት ዓረፍተ ነገር አሳጥረዋል፣ አንድ «እጅግ» ሰርዘዋል፣ ግርጌው ላይ «መልካም ሙከራ። ተፈቅዷል» ብለዋል። ከሥሩ የሁለቱም ፊርማ አለ።

«ሰባት ከአሥር ነው የሰጠችህ» አለኝ ማግኔት። «ደስ ይበልህ፤ ለእኔ የጋብቻ ጥያቄ ስድስት ነው የሰጠችው።»

ቅዳሜ ጠዋት ካሜራውን አዝዬ፣ ድምፅ ከምትቀዳው የክፍል ጓደኛዬ ጋር ደረስን። ሱቁን አላወቅነውም። ግድግዳው ተቀብቷል። መደርደሪያው ላይ ተመሳሳይ ነጭ ሣጥኖች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዱ ላይ ባማረ የእጅ ጽሑፍ ስም ተለጥፏል። ማግኔት ክራባት አስሮ መሐል ላይ ቆሟል፤ የሰው ቤት የገባ እንግዳ ይመስላል።

«ሁለት ቀን ሙሉ ሠራንበት» አሉ መምህርቷ መዳፋቸውን እያሳዩን። መዳፋቸው ውሃ ቋጥሯል። «ቀኑን ቀድመህ በመጻፍህ ተመስገን በል። ሳትናገር ብትመጣ ኖሮ ጉዳችን ነበር!»

ጓደኛዬ በጆሮዬ «አለቀልን» አለች።

ያንን መዳፍ እያየሁ «ለምን አጸዳችሁት» ማለት አልሆነልኝም። ካሜራውን ተከልኩ። ማግኔትም እንደ ፓስፖርት ፎቶ ተነሺ ቀጥ ብሎ «እ... ይህ ሱቅ ነው» አለ። ከዚያ ክራባቱን አስተካከለ።

ያኔ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ እየሮጠ ገባ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል።

«ማጊ! የግማሽ ኢንች ጎሚኒ! ሰዎቹ ቧንቧውን በእጃቸው አፍነው ይጠብቁኛል!»

ያቺን የቧንቧ ማሸጊያ ጎማ ፍለጋ የማግኔት እጅ በልማዱ ወደ ኋላ ተወረወረ። የነካው ቀለም ያልደረቀ ግድግዳ ነበር። ነጩን መዳፉን አየው። ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ፣ ሣጥን ከፈተ፤ ሚስማር። ሌላ ከፈተ፤ ማጠፊያ።

«ጽሑፉን አንብበው እንጂ!» አሉ መምህርቷ።

«መነጽሬን የት አደረግሽው?»

«በሣጥኑ ውስጥ ነዋ!»

«የትኛው ሣጥን?»

«'መነጽር' የሚለው!»

ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። ከዚህ የተሻለ ትዕይንት በሕይወታችን አናገኝም። እኔ ግን ሰውዬው ገና ሲገባ ካሜራውን አጥፍቼ ክዳኑን ገጥሜበታለሁ። አራተኛውን ነጥብ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

የቧንቧ ሠራተኛው አየኝ። «አንተ ልጅ፣ ምን ተገትረህ ታየናለህ? አትቀርጽም እንዴ?»

«የእርስዎ ፈቃድ የለኝም ጋሼ።»

«ቤት በጎርፍ ሊሄድ ነው፣ እሱ ፈቃድ ይላል!» ደብዳቤውን ከነእስክሪብቶው ከእጄ ነጥቆ ጀርባው ላይ በርጥብ ጣቱ ፈረመ። «በል ቅረጽ! ማግኔት ዕቃ ሲጠፋበት አየሁ ብዬ ብናገር ማን ያምነኛል?»

ካሜራው በራ። የሐሙሱ አናጢ ገባ፤ ፈረመ። አንድ ቀለም ቀቢ ተከተለ፤ እሱም ፈረመ። ሦስቱም ሣጥን እየከፈቱ ይተራረባሉ። «ጎሚኒው ከሬዲዮው ኋላ፣ እጀታ በሌላት ጣሳ ውስጥ ነበር» አለ አናጢው። «ዐሥር ዓመት ሙሉ ሳያት ኖሬያለሁ።» ጣሳዋ ከሱቁ ጀርባ ከሚጣለው መሐል ተገኘች፤ ጎሚኒዎቹም ከነሙሉ ክብራቸው እሷው ውስጥ። የቧንቧ ሠራተኛው አንዷን ይዞ እየሮጠ ወጣ።

ሳቁ ሲበርድ መምህርቷን አየኋቸው። አልሳቁም። ደብዳቤውን አንስተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ልጄ፣ ሱቁ እንዳለ እንዲቆይ ትፈልግ ነበር?»

«አዎ እትዬ።»

«የታል ታዲያ?»

«አልጻፍኩትም። የምታፍሩበት መስሎኝ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሥራዎ ግን ያምራል።»

መዳፋቸውን ገልብጠው አዩ። ከዚያ ቀይ እስክሪብቷቸውን አውጥተው ሰባቷን ሰረዙና ስድስት አደረጓት። «ዋናውን ሐሳብ ትቶ የሚጽፍ ሰው» አሉ፤ ከንፈራቸው ግን ጫፉ ላይ ተንቀጠቀጠና ሳቁ አመለጣቸው።

ማግኔት ክራባቱን ፈታ። «እንግዲህ እመቤቴ፣ ሱቄን ወደ ነበረበት ልመልሰው?»

«በቃል?» አሉት። «እነዚህ ተማሪዎች እንኳ በደብዳቤ ጠይቀዋል።»

ማግኔት የሚስማር ካርቶን ቀደደና ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ምላሱን አውጥቶ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እየተጨነቀ ሲጽፍ ቀረጽኩት፤ ጓደኛዬም የእርሳሱን የመጫር ድምፅ በማይኳ ያዘችው። ሲጨርስ ጮክ ብሎ አነበበ፦

«ጉዳዩ፦ ሱቄን ለማዝረክረክ ፈቃድ ስለመጠየቅ። እኔ ባልሽ፣ ስማቸው የተጻፈባቸውን ሣጥኖች ሁሉ እያከበርኩ፣ ነገር ግን እጄ ስለማያነብ...»

መምህርቷ እስክሪብቷቸውን ከፈቱ። አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨመሩ፣ ምንም አልሰረዙም። ከሥሩ «ከመነጽር ሣጥን በስተቀር ተፈቅዷል» ብለው ፈረሙ። ቁጥሩን ከካርቶኑ ጥግ ጽፈው ወደ ካሜራው አዞሩት።

ዐሥር ከአሥር ነበር። እሑድን ሙሉ ሣጥኖቹ ወደ ቆርቆሮ ሲገለበጡ፣ ያ እጅ አንድ በአንድ ወደ ቦታው ሲመለስ ቀረጽን።