ከስሙ አጠገብ አንድ ሻማ

የሥራ ባልደረባዬ አብርሽ የጠፉ ሰዎችን በድረ ገጻችን ሲለጥፍ ርዕሱን በቀይ መብራት፣ በተሰበረ ልብና በጸሎት እጆች ኢሞጂዎች ይሞላዋል። «ሰው እንዲያይ ነው» ይለኛል። ምን ያያል! ሁሉም ሲጮህ ማን ይሰማል? በመጨረሻ ተጣላንና ደንብ አወጣሁ፦ ስም ይቅደም፣ ከኋላው ቢበዛ አንድ ምልክት ይግባ። ሻማ ደግሞ መሞቱ ለተረጋገጠ ብቻ። የድሮዎቹን ርዕሶች ማስተካከል ግን ገና አልጨረስንም።

አንድ ቀን አደይ አያልነሽ የሚባሉ እናት ከቁሓ ተነስተው ሮማናት አደባባይ አጠገብ ወዳለው ቢሯችን መጡ።

«ልጄን ማቲያስን ጎግል ላይ ፈልጌ አጣሁት።»

ስልካቸውን ተቀብዬ አየሁ። ገጹ አለ። ነገር ግን ምልክቶቹና «አስቸኳይ» የሚለው ቃል የርዕሱን ቦታ ጨርሰውት ስሙ ተቆርጦ ቀርቷል።

ኮምፒውተሬ ላይ ገጹን ከፈትኩ። ከሥር፣ አስተያየት መስጫው ላይ፣ አብረውት የነበሩ ልጆች መሞቱን አረጋግጠዋል። ኮተቱን ሁሉ አጠፋሁና ስሙን ከፊት ጻፍኩ። ከዚያ ሻማዋ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

አደይ አያልነሽ ከጀርባዬ ቆመው የልጆቹን ጽሑፍ ያነባሉ።

«ዝርዝራችሁን ስንት ጊዜ አይቸዋለሁ፤ ምልክቷን አውቃታለሁ» አሉ። «አብራለት፣ ልጄ።»