የተሰረዘችው ቃል

አንደኛ የሚሏት ልጅ ሁለተኛ ወጥታ አታውቅም። በሥነ ጽሑፍ ግን መምህሯ አሥራ ሰባት ከሃያ ሰጥታት፣ ከሥሩ «ምስሉን ነካሽው እንጂ አልገባሽበትም» ብላ ጻፈችባት። ይቺ ነገር እንቅልፍ ነሳቻት። ለነፃ ትምህርት የሚላከው ከክፍሉ አንድ ተማሪ ብቻ ነዋ!

ቀጣዩ ሥራ የመጣው በስልክ ነው። መምህሯ ተማሪዎች ስማቸውን ሳይጽፉ ግጥም የሚከቱበት ሳጥን አላት። ከዚያ አንዱን አወጣች፣ ፎቶ አነሳችና ለክፍሉ ላከች። «ሆን ብዬ ነው ያልተየብኩት» አለች። «የእጅ ጽሑፉም ይነበብ፤ ስርዙም ድልዙም ማስረጃ ነው። በምስሎቹ ላይ ሁለት ገጽ ትንታኔ ጻፉ። የምትሉትን ሁሉ በስንኝ ቁጥር አስደግፉ። ከግጥሙ ውጪ ወሬ አልፈልግም።»

አንደኛ ፎቶውን ስትከፍት የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው አወቀች። እንዴት አታውቅ! ከጭጭ ጋር ሦስት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል፣ ደብተር ተዋውሰዋል። ጭጭ የተባለችው ስለማትናገር ነው። አባቷ የትምህርት ቤቱ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናቸው። ተማሪው ሁሉ «ጋሼ» እያለ የሚወዳቸው፣ መጽሐፍ ያዘገየን እንኳ የማይቆጡ፣ ሳቂታ ሰው።

ግጥሙ እንዲህ ይጀምራል፦

ሲመሽ ዝናብ ይገባል በራችንን ገፍቶ፣
ጠዋት ለሰው ይስቃል ደመናውን ትቶ።

አራተኛው ስንኝ ላይ ደግሞ በበጋ የማይደርቅ ረጅም እጅጌ አለ።

አንደኛ መጀመሪያ ሌላው ሁሉ የሚጽፈውን ጻፈች፦ ዝናቡ ሐዘን ነው፣ ደመናው ትዝታ ነው። አነበበችውና ጠላችው፤ አሥራ ሰባት ከሃያ ሸተታት። ተመልሳ ፎቶውን በጣቷ አሰፋችው። አንደኛው ስንኝ ላይ፣ «ዝናብ» ከምትለው በላይ በእስክሪብቶ የተሞነጨረ ቃል አለ። ብርሃኑን ጨመረች፣ ጥላውን ቀነሰች። ከጭረቱ ሥር ሦስት ፊደል ወጣ።

አባቴ።

ጭጭ በዚያ ሙቀት ሹራብ የምትደርበው፣ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» የምትለው ሁሉ መጣባት። አዘነች፤ አላዘነችም አልላችሁም። ግን ወይ ጉድ! ሐዘኗ ገና ሳያልቅ ብዕሯን አነሳች።

እናም እንዴት አድርጋ ጻፈችው! «ገጣሚዋ በስንኝ አንድ ቃሉን ለውጣለች፣ ሰውየውን ግን አልለወጠችም። ዝናብ በር አይገፋም፤ በር የሚገፋ እጅ ያለው ነው። በስንኝ ሁለት ለሰው የሚስቀው ያው ማታ የገባው ነው። በስንኝ አራት እጅጌው የማይደርቀው በውሃ አይደለም፤ የሚሸፍነው ቁስል ስላለ ነው።» ስም አልጠራችም፣ ከግጥሙ ንቅንቅ አላለችም። ህሊናዋን በዚህ ሸነገለችው።

በማስረከቢያው ቀን ጭጭ ጠጋ አለቻት። «ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ስለ ዝናቡ ነዋ።»

«ስለ ዝናቡ ብቻ?»

«ስለ ዝናቡ ብቻ። ምነው?»

«ምንም» አለች ጭጭ፤ ፊቷ ግን ፈካ። ዓይናፋር ሆና ነው እንጂ፣ ግጥሟ ስለተመረጠ ደስ ብሏት ነበር የሰነበተችው።

ሃያ ከሃያ! መምህሯ ገጣሚውን ለማወቅ አልጠየቀችም፤ ከልጅ እጅ እንዲህ ያለ ንባብ በማየቷ ብቻ ፈነደቀች። «የምትላኪው አንቺ ነሽ» አለቻት። ጽሑፉን ከነስሟ፣ ከግጥሙ ፎቶ ጋር አተመችና፣ ምርጥ ሥራ ሁሉ ወደሚለጠፍበት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሰሌዳ ሰደደችው።

አንደኛ ይህን የሰማችው ዘግይታ ነው። እየሮጠች ደረሰች። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሰሌዳው ፊት ቆመዋል። በጣታቸው ስንኝ እየቆጠሩ፣ እስከ መጨረሻው ቃል አነበቡ። ከዚያ ፎቶውን ጠጋ ብለው አዩት፤ ረጅም ጊዜ።

«ጎበዝ ልጅ» አሉ ፈገግ ብለው። «ዓይንሽ ስለታም ነው። ገጣሚዋን ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም፣ ጋሼ።»

«እኔ አውቃታለሁ።»

ፎቶውን ነቅለው በጥንቃቄ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ትንታኔውን እዚያው ተዉት። ቤተ መጻሕፍቱን ከሰዓቱ ቀድመው ቆለፉ።

ጭጭ ምንም ሳታውቅ ከውጪው በር ላይ ትጠብቃቸው ነበር። አባቷ ቀድመው በመውጣታቸው ደስ አላት መሰለኝ፣ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ፤ ቦርሳዋን ተቀበሏትና ክንዷን ይዘው ወደ ቤት ወሰዷት።

አንደኛ ከኮሪደሩ መስኮት ሆና አየች። መንገዱን እስኪታጠፉ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻቸው።