ዶክተር ምሕረቱ ያልጻፉት

ዶክተር ምሕረቱ የሚጽፉት እንደሚያወሩት ነበር። የታካሚው ስሞታ፣ የደም ግፊቱ፣ መድኃኒቱ፣ የቤቱ ጣጣ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል። በእንግሊዝኛ ይጀምሩና ሰውየው ያለውን ግን እንዳለ በአማርኛ ያስቀምጡታል። በስደት አገር፣ ሐበሻ በሚበዛበት ጄፒ ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ባለችው ክሊኒካቸው አሥራ ስምንት ዓመት አብራቸው የሠራችው ነርስ ፀገነት፣ ከሞቱ ዓመት አልፎም ያንን የተንጋደደ ጽሑፍ ስታይ ድምፃቸው ይሰማታል። ናፍቆት ክፉ ነው፤ ወረቀት ያናግራል።

ክሊኒኩን የተረከበችው ወጣቷ ዶክተር ፊቤ አዲስ ኮምፒውተር አስገብታለች። ኮምፒውተሩ የሚቀበለው አራት ሳጥን ብቻ ነው፦ መጀመሪያ ታካሚው የተናገረው፣ ቀጥሎ የታየውና የተለካው፣ ከዚያ የሐኪሙ ግምት፣ በመጨረሻ ዕቅዱ። የአራቱን የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደላት ገጣጥመው ሶፕ ይሉታል። የድሮዎቹን ፋይሎች ወደዚያ እንድትገለብጥ ለፀገነት ስትሰጣት አደራዋ አጭር ነበር።

«ሲስተር፣ ከተጻፈው አንድም አይጉደል። ያልተጻፈም አይጨመር።»

ማክሰኞ ከሰዓት የሀቢሶ ፋይል ደረሰ። ካትሌሆንግ በሚባል ዳር ሰፈር፣ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ያለው፣ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። በማግስቱ ቀጠሮ አለው፤ የልቡ አልትራሳውንድ ቫልቩ መጎዳቱን ስላሳየ፣ ፊቤ ጉዳቱ እንዳይብስበት በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ልታስጀምረው አስባለች።

ፀገነት ጽሑፉን እየበለተች አስገባች። «ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል»፣ ከታካሚው ቃል ሥር። በልጅነቱ ጉልበቱ ያብጥ እንደነበር መናገሩም እዚያው። ግፊት 118 በ74፣ የልብ ምት 92፣ ልቡ ላይ ተጨማሪ ድምፅ፣ ከታየውና ከተለካው። «የቫልቭ ችግር ይሆን?» የሚለውን ከነጥያቄ ምልክቱ በግምቱ ሳጥን አኖረች፤ ዶክተሩ የተጠራጠሩትን እሷ ልታረጋግጠው አይደለም። አልትራሳውንዱ ወደ ዕቅድ ሄደ። «ሱቁን ለሰው አምኖ አይወጣም» የሚልም ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይኼ ምን ሕክምና ነው ብሎ ይጥለው ነበር። እሷ ከታካሚው ቃል ሥር አኖረችው።

ከዚያ አንድ መስመር ያዛት። «በልጅነቴ መርፌ ተወግቼ ሰውነቴ አብጦ ነበር። የምን መርፌ እንደሆነ አላውቅም።»

ፀገነት ግን የምታውቅ መሰላት። ሀቢሶ የታከመበት ያ ቀን ዓይኗ ላይ ድቅን አለ፦ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ታች ታክሲዎቹ ጡሩምባቸውን እያንባረቁ፣ ዶክተሩና ሀቢሶ እየሳቁ። «ፔኒሲሊን ሊገድለኝ ነበር እኮ!» የሚል ድምፅ ጆሮዋ ላይ አለ። ጣቷ ሳታስበው «የፔኒሲሊን አለርጂ» ብሎ ጻፈ።

ደነገጠች። ይህ እዚያ ከተቀመጠ በዶክተር ምሕረቱ ቀንና ስም ነው የሚቀመጠው። እሳቸው ደግሞ ከመቃብር ተነሥተው አልጻፍኩም አይሉም። ውሸት ከሆነ ሰውየው ልቡን የሚጠብቅለትን መርፌ ያጣል። እውነት ሆኖ ከተወችውስ? ነገ መርፌው ሊገድለው ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ የተሳሳተም ቢሆን መወረሱ ነው ጣጣው። የጻፈችውን ደመሰሰችና የሀቢሶን ቃል እንዳለ አስቀመጠች። ወዲያው ወደ ፊቤ ክፍል ገባች።

«ዶክተር፣ ያልተጻፈ ነገር ትዝ ይለኛል። ትዝታዬን ግን አላምነውም። ሳይወጋ ይጠይቁት።»

ረቡዕ ጠዋት ፊቤ ጠየቀችው።

«ፔኒሲሊን?» አለ ሀቢሶ። «ኧረ ዶክተር፣ አምና ቴምቢሳ ሆስፒታል ለጉሮሮዬ ወግተውኝ ምንም አልሆንኩም። ካቻምናም እንደዚሁ። የልጅነቱ የወባ መርፌ ነው፤ ያኔ ከዚህ ከወጣሁ በኋላ እናቴን ደውዬ ጠይቄያታለሁ።»

«ታዲያ ሊገድለኝ ነበር ያልከው ምኑን ነው?» አለች ፀገነት ከበሩ።

ሀቢሶ ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ሲስተር ፀጊ፣ እሱማ ዶክተር ምሕረቱ ናቸው! መርፌ ስፈራ ጊዜ የራሳቸውን አጫወቱኝ። ተማሪ ሳሉ ፔኒሲሊን ወግተዋቸው መንገድ ላይ ወደቁ። አንቺም አብረሽ ስቀሻል እኮ፤ ረሳሽው?»

ረስታው ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት የሰማችውን ድምፅ ለሌላ ሰው ሰጥታ ነበር፤ አፈረች፣ ከዚያ በላይ ግን አዘነች። ፊቤ መልሱን በዕለቱ ቀንና በራሷ ስም፣ ከታካሚው ቃል ሥር ጻፈች፦ ፔኒሲሊን ሁለት ጊዜ ወስዶ ምንም እንዳልሆነ፣ የልጅነቱ መርፌም የወባ እንደነበረ እናቱ እንደነገረችው።

«ሌላ የሚገባ አለ፣ ሲስተር?»

ፀገነት አራቱን ሳጥኖች ተራ በተራ አየቻቸው። ዶክተር ምሕረቱ መንገድ ላይ መውደቃቸው ከአንዱም አይገባም፤ የሀቢሶ ፋይል ነው።

«የለም» አለችና መርፌውን ልታዘጋጅ ወጣች። መተላለፊያው ላይ ስትደርስ አለቀሰች።