ከእህቴ ጀርባ የቆመው

መተዳደሪያዬ ስልክ ጥገና ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የተሰነጠቀ ስክሪኑን ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ የገዛ እናቴ ግን ውጭ አገር ካለችው እህቴ ጋር ስታወራ ምስሉ ሲቆራረጥባት ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ አየሁ። የቀረበ ጠበል ልጥ ይነከርበታል። ነገሩን የምር የያዝኩት እማዬ ሰው ማየት ስትጀምር ነው።

«ከጀርባዋ የቆመ ሰው አለ» አለችኝ አንድ እሁድ፣ ስልኩን እንደዘጋች። «ብልጭ ይልና ይጠፋል። ትከሻው የማሙሽ ነው።»

ማሙሽ የመጨረሻው ወንድማችን ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሞላውም ስሙ አልለቀቀውም። ከአራት ዓመት በፊት እህቴ ወዳለችበት አገር ሄደ፣ ከዚያ የጭነት መርከብ ላይ ሥራ አገኘ ተባልን። መርከብ ላይ ኔትወርክ የለም፤ ሰላምታው የሚደርሰን በእህቴ በኩል ነው። «ማሙሽ ደህና ነው፣ ሳሙልኝ ብሏል» ትላለች። እማዬም ስልኩን ትስማለች።

እናቴ አእምሮዋን ልትስት ነው ብዬ ፈራሁ። ፍርሃቴን እንደ ልማዴ በሥራ ሸፈንኩት።

መጀመሪያ አፑን ቀየርኩ። እህቴ የምትወደው ለቢሮ ስብሰባ የሚሆን ነው፤ ሊንክ ይልካል፣ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ እማዬ ደግሞ የይለፍ ቃሉን ጽፋ ያስቀመጠችበትን ወረቀት ትረሳለች። በስልክ ቁጥር ብቻ የሚከፈት፣ ለጥሪ «ዳታ ቆጣቢ» የሚል ማስተካከያ ያለው መረጥኩና ለሁለቱም አስጫንኩ። ቀጥዬ የእማዬን ወንበር ከጓዳ አውጥቼ ዋይፋዩ አጠገብ አደረግኩት። ፎቶ በራሱ የሚልከውንና አፕ በራሱ የሚያድሰውን አጠፋሁ፤ ጆሮ ማዳመጫ ሰጠኋት፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፣ ጨለማ ምስል ኢንተርኔት ይበላልና።

ድምፁ ጥርት አለ። የእህቴ ምስል ግን፣ ጀርባዋ እንደ ሁልጊዜው በጭጋግ ደብዝዞ፣ አሁንም ይንተባተባል። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ብዬ እዚያው አገር ወዳለችው አክስቴ ደወልኩ፤ እሷ ምንም ሳትቆራረጥ መጣች። ስለዚህ ችግሩ የኛ መስመር አይደለም።

በሚቀጥለው እሁድ እማዬን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ጆሮ ማዳመጫውን አንድ አንድ ተካፍለን ለእህቴ ደወልኩ።

«ጀርባሽን የሚያደበዝዘውን ነገር አጥፊው» አልኳት። «ስልክሽ አሮጌ ነው። በየቅጽበቱ ሰው የቱ፣ ግድግዳው የቱ እያለ ሲለይ እየጋለ ይንቀራፈፋል። ሲሳሳት ደግሞ ግድግዳውን ሰው ያደርገዋል። እማዬም ይኸው ሰው አየሁ ትላለች።»

«ተወው ጋሼ፣ ቤቱ ዝርክርክ ነው።»

«ባል ደብቀሽ ከሆነ አውጪው፣ እንመርቃችሁ!»

አልሳቀችም። እማዬ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«ልጄ፣ ወንድምሽ አበደች ብሎ ፈርቶልኛል። አፉ ቢስቅም ዓይኑን አየዋለሁ። እስቲ አሳዪኝ፣ ማንም ከሌለም የለም ልበል።»

እህቴ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ጣቷ ወደ ስክሪኑ መጣ፣ ጭጋጉም ተገፈፈ።

አልጋ። ነጭ መጋረጃ ያለው ክፍት መስኮት። በሩ ላይ፣ ማንጠልጠያ ላይ የተሰቀለ ጥቁር ኮት። ሰው የለም።

ከልቤ ሳቅኩ። «ኮት ነው እኮ! ማሽኑ ኮቱን ሰው አድርጎት ነው፣ እማዬ!» ምስሉም ሳይቆራረጥ እንደ ውሃ ይፈስ ነበር፤ በሥራዬ ኮራሁ።

እማዬ አልሳቀችም። መነጽሯን አደረገች።

«ክርኑን አሳዪኝ።»

«የቱን ክርን?» አለች እህቴ።

«ማሽኑ አልተሳሳተም። አረንጓዴውን እኔ ነኝ የጣፍኩት፣ ከቀሚሴ ቀድጄ።»

አሁን እኔም አየሁት። የግራው ክርን ላይ፣ መዳፍ የማታህል አረንጓዴ እራፊ። ማሙሽ የሄደ ዕለት ለብሶት ነበር፤ በበጋም ከላዩ አይወርድም ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት እውነት ነው። ሳቄ አፌ ውስጥ ቀረ።

«ባሕር ላይ ብርዱ አይጣል ነው ይላሉ» አለች እማዬ፣ ቀስ ብላ። «ኮቱን ትቶ ነው የሄደው?»

እህቴ አፏ በከፊል ተከፍቶ፣ ዓይኗ እኛ ላይ ተተክሎ ቀረ። ምስሉ የደረቀ መሰለኝ።

«ሄሎ?» አልኩ። «ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?»

እጄ በልማዱ ዋይፋዩን ሊያይ ሄደ። መብራቶቹ ሁሉ በርተዋል። ስክሪኑ ላይ የጥሪው ሰዓት ይቆጥራል። በጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ የሩቅ መኪና ጥሩምባ ሰማሁ። ያኔ ገባኝ፤ ያ ሁሉ «ሳሙልኝ» የማሙሽ አልነበረም።

እማዬ እጄን ያዘች።

«ኔትወርክ ነው፣ አይደል?» አለችኝ።

በሕይወቴ ስለ ኔትወርክ ስንት ሰው ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ከብዶኝ አያውቅም።

«አዎ እማዬ። ኔትወርክ ነው።»

እማዬ ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አየችው።

«መጋረጃው ግን ይንቀሳቀሳል» አለች።